«እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

በመሥሪያ ቤት የደም ልገሳ ሲታሰብ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለጋሽ ይገኝ ይሆን ብሎ ነው። እኔን የበለጠ የሚያስቸግረኝ አስተባባሪ ማግኘት ነው። ክንዱን ለመዘርጋት የማያመነታ ባልደረባ ኮሚቴ ግባ ሲባል ወደ ኋላ ይላል። አልፈርድበትም። ኮሚቴ ውስጥ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ አያውቅም፤ አንዱ ስብሰባ ሌላውን ይወልዳል። ስለዚህ ማንንም ከመጠየቄ በፊት ሥራውን በሰዓት ቆርጬ አስቀምጣለሁ።

ስሌቱ የሚጀምረው ከአልጋ ነው። የደም ባንክ ቡድን አራት አልጋ ይዞ ይመጣል እንበል። ደሙ የሚወሰደው በ10 ደቂቃ ገደማ ቢሆንም፣ መተኛትና መነሣቱ ሲጨመር አንድ አልጋ ለሚቀጥለው ሰው የሚደርሰው በ20 ደቂቃ ነው ብዬ እይዛለሁ። በሰዓት 12 ሰው፣ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 6:00 ደግሞ 36 ሰው ይስተናገዳል። እያንዳንዱ ለጋሽ ቢያንስ 15 ደቂቃ ስለሚያርፍ፣ ማረፊያው ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት ያህል ሰው ይኖራል። ይህን ካወቅሁ የምፈልገው ሰው ቁጥር ራሱ ይወጣል፤ በር ላይ ስም የሚመዘግብ አንድ፣ ተራ የደረሰውን ከየክፍሉ በስልክ የሚጠራ አንድ፣ ማረፊያ ውስጥ ውኃና ጭማቂ እየሰጠ የሚከታተል ሁለት። ሦስቱን ሰዓት ለሁለት ፈረቃ ስከፍለው ስምንት ሰው ይሆናል። ጠረጴዛና ወንበር የሚያዘጋጁ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከ2:15 ጀምሮ ለ45 ደቂቃ ያስፈልጋሉ።

ጥሪውንም እንዲሁ እጽፋለሁ፦ «ሐሙስ ከ3:00 እስከ 4:30 በማረፊያ ክፍል ሁለት ሰው እንፈልጋለን። ሥራው ለለጋሾች መጠጥ መስጠትና ፊታቸውን ማየት ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የ20 ደቂቃ ገለጻ አለ። በ4:30 ተረካቢ ይመጣል። የክፍል ኃላፊዎች ፈቅደዋል።» ሃያ ደቂቃዋ እንዳትቀር። «አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ» ተብሎ የመጣ ሰው ገለጻ እንዳለ በኋላ ሲሰማ የተታለለ ይመስለዋል፣ ሁለተኛም አይመጣም። የኃላፊዎቹም ፈቃድ ከጥሪው በፊት ማለቅ አለበት፤ ባልደረባችን ለበጎ ሥራ ሲል ከአለቃው ጋር ሊጋጭ አይገባም።

ከማስታወቂያው ይልቅ ፊት ለፊት መጠየቅ ይሠራል። ሰዓቱን ተናግሬ ሳልጨርስ «እሺ፣ ችግር የለም» የሚለኝን ሰው ገና አልመዘግበውም፤ ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ይዞት ነው። አንዲት የመዝገብ ቤት ባልደረባዬን «እህቴ፣ ሐሙስ ማረፊያውን ትይዢልኛለሽ?» ብዬ ስጠይቃት፣ «በ4:30 የሚተካኝ ማነው? በ5 ሰዓት ባለጉዳይ አለኝ» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሥራውን በልቡ ጀምሮታል። የተረካቢዋን ስም እዚያው ነገርኳት፤ ሐሙስም በሰዓቷ ተገኘች።

የሥራ ድርሻ ሲነገር ወሰኑም አብሮ መነገር አለበት። የማረፊያው ሰው ለጋሹ ቢገረጣ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ቢያልበው ያስተኛዋል፣ እግሩን ከፍ ያደርግለታል፣ ነርሷንም ይጠራል። ከዚያ ያለፈው የባለሙያ ሥራ ነው። መዝጋቢው ስምና ሰዓት ብቻ ይይዛል፤ የጤና ጥያቄው በባለሙያው እጅ ይቆያል። ለዛሬ አትለግስም ተብሎ የሚመለስ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ክብደቱ ያነሰ፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ። «ለምን ተመለስክ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል መሆኑን በገለጻው ላይ ደጋግሜ እናገራለሁ፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ወሬ ከሊፍት ይፈጥናል። አለቆችንም ለጋሽ እንዲቀሰቅሱ አላደርግም፤ አለቃ ሲጠይቅ እንቢ ማለት ለሚከብደው ሰው ልገሳው በፈቃድ መሆኑ ይቀራል።

ቀኑም ሰው ያመጣል፣ ሰውም ያሸሻል። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ሰኔ 7 ላይ ይውላል፤ በጀት የሚዘጋበት ወር ነው። በዚያ ሰሞን ከሂሳብና ከግዥ ክፍል ማንንም አልጠይቅም፤ ለፈረቃው ከሌላ ክፍል እፈልጋለሁ። ረቡዕንና ዓርብንም እተዋለሁ፤ ጾመኛው ሳይበላ ይውላል፣ በባዶ ሆድ ደግሞ ደም መስጠት አይቻልም። በዐቢይ ጾምና በረመዳንም ቀን አልቆርጥም።

አንድ ሰው ደም ከሰጠ በኋላ እንደገና ለመስጠት ቢያንስ ሦስት ወር መጠበቅ አለበት፤ ስለዚህ ቀጣዩን ዙር ለማሰናዳት በቂ ጊዜ አላችሁ። ያን ጊዜ በዚህኛው ዙር የቆሙትን ስምንቱን መልሳችሁ አትጥሩ። ገና ያልተጠየቀ ሰው በየክፍሉ አለ፤ እሱን ጠይቁት።