ቡሄ ዕለት፣ በዘመነ ሉቃስ

«መቼ ነው የተወለድከው?» ይላል የቀበሌው ጸሐፊ።
«በቡሄ።»
«ቀኑ ችግር የለውም፤ ዓመቱን ንገረኝ።»
«በሉቃስ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ስለ አንድ አጭር ልብ ወለድ ልጽፍ የተነሳሁት በእነዚህ አራት መስመሮች ምክንያት ነው። ታሪኩ ገና አልታተመም። ደራሲው የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ ጽሑፉ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። እስኪታተም ስሙንና ርዕሱን እንዳልጠራ ስለለመነኝ አልጠራም። ልጻፍበት ስለው ግን «እንደፈለግክ» ብሎኛል።

ባለታሪኩ ምትኩ ይባላል። ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ቀዬ፣ ትምህርት ቤት በሩጫ ሄዶ በሩጫ የሚመለስ ልጅ ነው። ጥር 2015 ላይ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ከ20 ዓመት በታች የአገር አቋራጭ ምርጫ አለ፤ 8 ኪሎ ሜትር። የስፖርት መምህሩ ያስመዘግበዋል፤ ግን እስከ ዓርብ የልደት ወረቀት ማምጣት አለበት። ወረቀት የለውም። የዕድሜው ልጆች አብዛኞቹ የላቸውም፤ በአገራችን የልደት ምዝገባ በሕግ ግዴታ ሆኖ ሥራ የጀመረው ነሐሴ 2008 ላይ ነው፣ ምትኩ ደግሞ ያኔ ከብት ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ያለው ምስክር የመንደሩ ትዝታ ብቻ ነው፤ እናቱ፣ የንስሐ አባታቸውና ሁለት ሽማግሌዎች።

ደራሲው እዚህ ድረስ በደንብ ይዞናል። እናትየው ልጇ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አታውቅም። ተጠይቃ ስትመልስ ግን አንድም ጊዜ አትንተባተብም፦ ቡሄ ዕለት ማታ፣ ልጆቹ ሙልሙላቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ ዘመኑ ሉቃስ፤ ክርስትና የተነሳው ደመራ ዕለት። ከዚያ ደራሲው ወደ ሽማግሌዎቹ ይዞረንና እርስ በርስ ያጨቃጭቃቸዋል። አንዱ «ጥጆቹ ያለቁበት ዓመት» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ከዚያ ወዲህ ነው» ይላል፣ እኛም ፈገግ እንላለን። ገጠር ሰው ዕድሜ አያውቅም፣ በቃ።

እኔ የተጣላሁት ከዚህ «በቃ» ጋር ነው። እናትየው የሰጠችውን ደራሲው ራሱ አላየውም። እስቲ እንቁጠረው።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። (በነገራችን ላይ በዓሉ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ታቦር ነው፤ ልጁ በደብረ ታቦር ቀን ተወልዶ ደብረ ታቦር ከተማ ላይ ልደቱን ማስረዳት አቃተው። ደራሲው ይህን ሳይጠቁም ማለፉ ጨዋነት ነው ወይስ አላስተዋለውም፣ እንጃ።) ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሳል። የተወለደበትን ቀን አንድ ብለን ስንጀምር ነሐሴ 30 ላይ 18 ቀን ይሆነዋል። ጳጉሜ 5 ቀን ከሆነች መስከረም 1 ሃያ አራተኛው ቀን ነው፣ አርባኛውም መስከረም 17 ይውላል፤ መስቀል። ጳጉሜ 6 ስትሆን ግን አንድ ቀን ይጨመርና አርባኛው መስከረም 16 ላይ ያርፋል፤ ደመራ። ጳጉሜ 6 የምትሆነው ደግሞ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ብቻ ነው።

እንግዲህ እናትየው «ሉቃስ» ስትል እና «ደመራ ዕለት» ስትል ሁለት የተለያዩ ነገሮች እያስታወሰች ነው፤ ሁለቱም ይገጥማሉ። ዘመኑን ብትረሳ ደመራው ያስታውሳታል። ሰው ልዋሽ ቢል እንኳ እንዲህ አስተካክሎ ለመዋሸት ቁጭ ብሎ ማስላት አለበት። ጸሐፊው ፊት የቀረበው ማስረጃ ይህ ሆኖ ሳለ እሱ «ቀኑ ችግር የለውም» ይላል። ታሪኩ ውስጥ በጣም የወደድኩት ዓረፍተ ነገርም ይኸው ነው፤ መንደሩ አጥብቆ የያዘው ቀኑን ነው፣ ቢሮው የሚፈልገው ዓመቱን ነው። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ ሊረዳው ፈልጎ «መስከረም 1 ብዬ ልጻፍልህ?» ሲለው ደግሞ በእርግጠኝነት የሚታወቀውን አንድ ነገር ሊያጠፋበት ነው። ደራሲው ጸሐፊውን በዚህ የዋህነቱ ቢተወው ምን ነበረበት? ሁለት ገጽ ቆይቶ ጉቦ ጠያቂ አደረገው፤ እኔም ፍላጎቴ ቀነሰ። ክፉ ጸሐፊ ስንት ጊዜ አንብበናል።

ግን ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመጣል። የእናትየው ትዝታ የሚሰነጠቀው እዚህ ነው። የባሕረ ሐሳቡ ስሌት ቀላል ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረህ ለ4 ስታካፍል 3 ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ ነው። ለ1999 ድምሩ 7499 ነው፤ 3 ይተርፋል። ለ1995 ድምሩ 7495 ነው፤ እሱም 3 ይተርፋል። ልጁን አይተን ሌሎቹን ሉቃሶች ብንጥል እነዚህ ሁለቱ ይቀራሉ። ልጁ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ጢም የለውም። አሥራ አምስትም አሥራ ዘጠኝም ሊመስል ይችላል።

አሁን የውድድሩን ሕግ እንይ። ደራሲው «ከ20 ዓመት በታች» ብሎ አልፎታል፤ አንባቢም በውድድሩ ዕለት ያለውን ዕድሜ ይመስለዋል። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ ግን የሚቆጠረው ውድድሩ በሚካሄድበት የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ፣ ዲሴምበር 31 ላይ የሚሞላው ዕድሜ ነው። ያን ቀን 20 የሞላው አይሮጥም፤ 16 ያልሞላውም አይሮጥም። ሁለተኛው ወገን ብዙ ሰው ይረሳዋል እንጂ ቀልድ አይደለም፤ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የ800 ሜትሩ መሐመድ አማን በ2009 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና ዕድሜው ገና በመሆኑ ውጤቱ ተሰርዞበታል።

ይህ ሕግ ምትኩ ላይ ሲወድቅ፦ ነሐሴ 13 ቀን 1999 ኦገስት 19 ቀን 2007 ነው። በ2023 መጨረሻ 16 ይሆነዋል፤ ይሮጣል፣ ለጥቂት። የ1995 ቡሄ ከሆነ ግን ኦገስት 2003 ነው፤ በ2023 መጨረሻ 20 ሞልቶታል፤ አይሮጥም፣ እሱም ለጥቂት። በ2000 ቡሄ ተወልዶ ቢሆን ደግሞ 15 ሆኖ ከታች በኩል ይወድቅ ነበር፤ ከዚያ የሚያድነው ያ የደመራ ቀን ነው። ደራሲው ይህን ሁሉ አስልቶ ዓመቱን 2015 እንዳደረገው ጠይቄው ነበር። ሳቀ። የመረጠው ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰበት ዓመት ስለሆነ ነው።

ሁለቱን ሉቃሶች መለየት ይቻላል? ይቻላል፤ ደራሲው ያጨቃጨቃቸው ሽማግሌዎች ጥቅማቸው ለዚህ ነበር። 1995 በብዙ የአገራችን ክፍል የድርቅ ዓመት ነበር። 1999 ያለቀው ሚሊኒየሙ በተበሰረበት ሌሊት ነው፤ በቡሄ የተወለደ ልጅ ያን ጊዜ ገና አራስ ቤት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በግንቦት 1999 ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ተካሂዷል። ቆጣሪዎች ቤት ለቤት ዞረው «እዚህ ቤት ማን ማን ይኖራል? ዕድሜውስ?» ብለዋል። ዕድሜውን ለማያውቅ ሰው የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው፤ ከየትኛው ክፉ ቀን በፊት፣ ከየትኛው በዓል በኋላ፣ ከማን ልጅ ቀጥሎ። መንግሥት ራሱ ቁጥሩን የሰበሰበው በመንደር ትዝታ ነው። ቢሮው አሥራ ስድስት ዓመት ቆይቶ ያንኑ ትዝታ «ወረቀት አይደለም» ሲለው የታሪኩ ምሬት ከዚህ መምጣት ነበረበት፤ ከጉቦ አይደለም።

ምትኩ የ1999 ልጅ ከሆነ በዚያ ግንቦት እናቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እሱ አልተቆጠረም። የ1995 ከሆነ ደግሞ አራት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ሆኖ ተቆጥሯል። ስለዚህ እናትየውን መጠየቅ ያለባት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቆጣሪዎቹ ሲመጡ ማንን አስቆጠርሽ?»

ይህን ጥያቄ ይዤ ታሪኩን እንደገና ሳነብ ነው አራተኛው ገጽ ላይ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር የያዘችኝ። እናትና ልጅ ወደ ቀበሌ ሲወርዱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያልፋሉ፤ እናትየው ትሳለምና «ታላቅህ እዚያ ጋ ነው» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ታላቁ ምንም የለም። የልጁን ስም ግን አስቡት፤ ምትኩ። በእኛ አገር ይህ ስም ለማን እንደሚወጣ አንባቢ ያውቃል። ከእሱ በፊት አንድ ልጅ ሞቷል።

እና ያ ቡሄ የማን ነው? ሙልሙሉ፣ ሉቃሱ፣ ደመራው የምትኩ ነው ወይስ የታላቁ? እናት ሁለት ልጅ በአንድ ወር ወልዳ ቀኖቹን አንድ ላይ ልትይዛቸው ትችላለች፤ ወይም አንዱን ብቻ ልትይዝ። ድርቁ ዓመት ተወልዶ ከቆጠራው በኋላ የሞተ ልጅ ካለ፣ ቆጣሪው የጻፈው እሱን ነው፤ ምትኩም ታናሽ ነው፣ ሩጫውም ይፈቀድለታል። ለልጇ ወረቀት ለማግኘት ግን ጸሐፊ ፊት ቆማ የሞተውን ልጇን በዓመት በዓመቱ መቁጠር አለባት። ወይም ደግሞ ቆጣሪው የጻፈው ምትኩን ከሆነ፣ እውነቱን ብትናገር ልጇን ከሩጫው ታስቀረዋለች። ደራሲው ሳያውቀው የሠራው ታሪክ ይህ ነው፤ ከፍርሃትም ይሁን ከችኮላ ሸሽቶታል።

የሸሸውም ወደ ሩጫው ነው። መጨረሻው ላይ ምትኩ ያለ ቁጥር፣ በባዶ እግሩ፣ ከገመዱ ውጭ ጎን ለጎን ሮጦ ሁሉንም ይቀድማል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። በደንብ የተጻፈ ነው፤ ዳገቱ ላይ ያለው ትንፋሽ ይሰማል፣ ሯጭ የሆነ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። ግን ምን አረጋገጠ? ፈጣን መሆኑን ማንም አልካደም፤ የተጠየቀው ዕድሜውን ነው። ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት ልጆችን ቢቀድም ጭብጨባው ለማን ነው? ቁጥር ደረቱ ላይ ለጥፎ ከተሰለፉት መካከል ወረቀቱ እውነት የሆነ አንድ ልጅም ይኖር ይሆናል፤ ታሪኩ ለእሱ ፊቱን አላዞረም።

ይህን ሁሉ ለደራሲው በስልክ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለና «ለማሳተም ሳሳጥረው ያቺን የታላቅህን ዓረፍተ ነገር ላወጣት አስቤ ነበር፤ የትም አትደርስም ብለውኝ» አለ። ሩጫውን አውጣው አልኩት።