የአድራሻ ማሳጠሪያ ንድፍ በምን ይመዘናል?

በሶፍትዌር ባለሙያዎች የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ተደጋግመው ከሚቀርቡት የሥርዓት ንድፍ ጥያቄዎች አንዱ፣ ረጅም የኢንተርኔት አድራሻ ተቀብሎ በአጭር ኮድ የሚተካና ኮዱን የከፈተውን ሰው ወደ ዋናው አድራሻ የሚመራ አገልግሎት እንዲነደፍ የሚጠይቀው ነው። መልሱ በየመዘጋጃ መጽሐፉ ስለሚገኝ አብዛኞቹ ተፈታኞች አንድ ዓይነት ሥዕል ይሥላሉ፤ ጥያቄዎችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍል መሣሪያ፣ ተደጋግሞ የሚፈለገውን መረጃ በቅርብ የሚይዝ ካሽ፣ በመጨረሻም በብዙ ማሽኖች ላይ የተከፋፈለ ዳታቤዝ። ስለዚህ መዛኙ ሊመረምረው የሚገባው የሥዕሉን ሙሉነት ሳይሆን እያንዳንዱን ሳጥን ወደ ሥዕሉ ያስገባው የትኛው ቁጥር እንደሆነ ነው።

ለምሳሌ ያህል ጥያቄው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚኖሩ 200,000 ደንበኞች በየወሩ የውኃ ሒሳብ በስልክ አጭር መልእክት እንዲላክና መልእክቱ የእያንዳንዱን ደንበኛ ሒሳብ የሚያሳይ ሊንክ እንዲይዝ ተደርጎ ቢቀርብ፣ ጥሩ ተፈታኝ ገና ከመነሻው መልእክቱ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጻፍ ይጠይቃል። አንድ አጭር መልእክት 140 ባይት ብቻ ስለሚይዝ፣ በቁቤ የተጻፈ የአፋን ኦሮሞ መልእክት እስከ 160 ፊደል ሲፈቀድለት፣ የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ የአማርኛው መልእክት በ70 ፊደል ይወሰናል፤ ከዚያ ካለፈም እያንዳንዳቸው 67 ፊደል በሚይዙ ክፍሎች ይቆራረጥና በየክፍሉ ይከፈልበታል። የቁቤው ጽሑፍም ቢሆን ሁዳ የሚባለው ምልክት ከጽሑፍ ማቀናበሪያ በተቀዳ ጠማማ ቅርጹ ከገባ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ፊደል ይወርዳል፤ ይህን ያለ ማስታወሻ የሚያነሣ ተፈታኝ መልእክት ልኮ የሚያውቅ ሰው መሆኑ አያጠራጥርም።

ረጅሙ አድራሻ የሚያስከትለው ወጪ ከዚህ ይታያል። በአድራሻ ውስጥ የገባ አንድ የግዕዝ ፊደል ሲላክ በሦስት ባይት ይወከልና እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ሆሄያት ስለሚጻፍ፣ ሦስት ፊደል ያለው ሰበታ የሚለው ስም ብቻውን 27 ቦታ ይይዛል፦

```
ሰበታ  ->  %E1%88%B0%E1%89%A0%E1%89%B3
```

በአንጻሩ ባለአምስት ሆሄ የጎራ ስም (ነጥቡ ጭምር ተቆጥሮ) እና ባለሰባት ሆሄ ኮድ ያለው አጭር አድራሻ ከመነሻው `https://` ጋር 21 ቦታ ብቻ ይወስዳል፤ ለመልእክቱም 49 ፊደል ይቀራል።

የኮዱ ርዝመት ሲወሰን ተፈታኞች ብዙ ጊዜ የሚያሰሉት ኮዶቹ መቼ እንደሚያልቁ ነው። ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞችና የላቲኑን ትላልቅና ትናንሽ ሆሄያት በጠቅላላ 62 አድርጎ የሚወስድ አሠራር በአራት ሆሄ 14,776,336 ኮዶች ይሰጣል፤ ይህም በየወሩ 200,000 ለሚጠቀም አገልግሎት ከስድስት ዓመት በላይ ይበቃል። ነገር ግን እዚህ የሚከፈተው የአንድ ሰው የግል ሒሳብ ስለሆነ መጠየቅ ያለበት ማለቃቸው ሳይሆን መገመታቸው ነው። ገና በመጀመሪያው ወር ከ74 ኮዶች አንዱ የእውነተኛ ደንበኛ ይሆናል፤ ስለዚህ ኮዶችን በዘፈቀደ የሚሞክር ሰው በደቂቃዎች ውስጥ የብዙዎችን ሒሳብ ማየት ይችላል። ሰባት ሆሄ ሲሆን ግን የሚገጥመው ከ17 ሚሊዮን በላይ ከሆኑ ኮዶች አንዱ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ኮዱ በዘፈቀደ ከወጣ ነው፤ ቁጥር እየቆጠረ ተከታታይ ኮድ የሚሰጥ ንድፍ፣ ምንም እንኳ ፈጽሞ የማይደገም ኮድ ስለሚያወጣ በመጻሕፍት ቢወደስም፣ አንድ ደንበኛ የራሱን ኮድ የመጨረሻ ሆሄ በመቀየር ብቻ የጎረቤቱን ሒሳብ እንዲያይ በሩን ይከፍትለታል። ጠንቃቃ ተፈታኝ እንዲያውም ገጹ የደንበኛ ቁጥሩን የመጨረሻ አኃዞች እንዲጠይቅ ያደርጋል።

በዘፈቀደ የወጣ ኮድ አልፎ አልፎ ሊደገም ስለሚችል፣ ተፈታኙ ይህን የሚከላከልበት መንገድ ልምዱን በጉልህ ያሳያል። ኮዱ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ጠይቆ ከዚያ የሚመዘግብ አሠራር፣ ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ቅጽበት ጠይቀው ሁለቱም የለም የሚል መልስ ሊያገኙ ስለሚችሉ ክፍተት አለው፤ ትክክለኛው ዳታቤዙ ራሱ የኮዱን ልዩነት እንዲያስከብር አድርጎ መመዝገብና ካልተመዘገበ ሌላ ኮድ ማውጣት ነው፦

```
INSERT INTO links (code, target) VALUES ($1, $2)
ON CONFLICT (code) DO NOTHING;
```

ቀጥሎ የጭነቱ ስሌት ይመጣል። ደንበኞቹ በሙሉ መልእክቱ በደረሳቸው በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊንኩን ቢከፍቱት እንኳ በሰከንድ የሚደርሰው ጥያቄ 333 ገደማ ነው፤ አንድ መዝገብ 500 ባይት ቢወስድ የወሩ መዝገብ 100 ሜጋባይት፣ የዓመቱም 1.2 ጊጋባይት ስለሚሆን ሁሉም በአንድ መለስተኛ ማሽን ሜሞሪ ውስጥ ይገባል። ይህን አስልቶ ዳታቤዙን መከፋፈል አያስፈልግም ብሎ የሚያቆም ተፈታኝ፣ ሳይጠየቅ ሃያ ሳጥን ከሚሥለው ይበልጣል። የካሹም ሳጥን እዚህ ይፈተናል፤ ካሽ የሚጠቅመው ጥቂት ሊንኮች ብዙ ጊዜ ሲከፈቱ ሲሆን፣ እዚህ ግን እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ሊንክ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ስለሚከፍት ካሹ የሚፈለገውን መረጃ አስቀድሞ ይዞ የሚገኝበት ጊዜ እምብዛም ነው። ለሦስቱም ከተሞች ነዋሪዎች አንድ የጋራ ማስታወቂያ በአንድ ሊንክ ቢላክ ፍርዱ ይገለበጣል።

ሁለተኛ ማሽን የሚያስፈልገው እንግዲህ ለጭነት ሳይሆን መብራት ሲጠፋ ወይም ማሽን ሲበላሽ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ነው፤ እሱም የራሱን ጣጣ ያመጣል። በሁለተኛው ማሽን ላይ ያለው ቅጂ ከዋናው ዳታቤዝ በጥቂት ሰከንዶች ሊዘገይ ስለሚችል፣ መልእክቱ ቶሎ የደረሰው ደንበኛ ሊንኩን ሲከፍት ገጹ የለም የሚል ምላሽ ያገኛል። ያ ምላሽ በካሽ እንዲያዝ ከተደረገ ደግሞ መዝገቡ ቅጂው ላይ ከደረሰ በኋላም ሊንኩ እንደ ሞተ ይቆያል፤ ምልክቱም አቤቱታው ሁሉ ሊንኩን ከሁሉም ቀድመው ከከፈቱት ሰዎች መምጣቱ ነው። መፍትሔው መልእክቱን መዝገቡ በቅጂው ላይ ከታየ በኋላ መላክ፣ ወይም ቅጂው ኮዱን ሲያጣ ዋናውን መጠየቅ ነው።

ወደ ረጅሙ አድራሻ በሚመራው ምላሽ ላይ ደግሞ በ301 እና በ302 መካከል ያለው ምርጫ ይመዘናል። የመጀመሪያው ዘላቂ መሆኑን ስለሚገልጽ የስልኩ አሳሽ አድራሻውን ይዞ ዳግመኛ ወደ አገልግሎቱ ላይመለስ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት የተሳሳተ አድራሻ ቢታረም እንኳ ቀድሞ የከፈተው ደንበኛ እርማቱን ላያይ ይችላል። ለዚህ ሥራ ጊዜያዊው 302 ይመረጣል፤ ጭነቱ ትንሽ ስለሆነም የሚያስከትለው ተጨማሪ ጥያቄ አያሳስብም።

ጠያቂው በመጨረሻ ቁጥሩን ቀይሮ አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ለ20 ሚሊዮን ደንበኞች ቢሆንስ ብሎ ሲጠይቅ፣ በ10 ደቂቃ የሚደርሰው ጭነት በሰከንድ 33,000 ያልፋል። ብዙዎች ወዲያው ዳታቤዙን በኮዱ ሆሄያት ወደ መከፋፈል ይሄዳሉ፤ ይህም ስሕተት አይደለም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ኮድ ብቻ ስለሚፈልግ መዝገቡ ያለ ችግር ይከፈላል። ነገር ግን መልእክቱን የሚልከው አገልግሎቱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ መልእክቶቹን በስድስት ሰዓት ውስጥ ከፋፍሎ ቢልካቸው ጭነቱ በአማካይ በሰከንድ 926 አካባቢ ይሆናል፤ ይህንንም ለሦስቱ ከተሞች የተነደፈው ሥርዓት ያለ ብዙ ለውጥ ይሸከመዋል።