ሽቦው ቢበጠስስ? የፍሎተር ሥራን እንዴት እንመዝን

ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ መቆሙ ብቻ ሥራው ጥሩ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። አዲስ የተገጠመ ፍሎተር ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ፓምፑን ያቆማል። የጥሩና የመጥፎ ሥራ ልዩነት የሚወጣው ከወራት በኋላ፣ ሽቦ ሲላላ፣ ኬብል ፀሐይ ሲያደርቀው፣ የማብሪያው ምላስ ሲቃጠል ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት የአዲስ አበባ ሰፈር ደግሞ ፓምፑ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ቤተሰቡ በተኛበት ሰዓት ስለሆነ፣ ያልቆመ ፓምፕ እስኪነጋ ድረስ ጣሪያውን ሲያጥለቀልቅ ማንም አያየውም። ስለዚህ የዚህን ሥራ ጥራት ስመረምር ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ፓምፑ ይቆማል ወይስ መሥራቱን ይቀጥላል?

ነገሩን በአንድ የተለመደ ቤት እንየው። መሬት ላይ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ፤ የመንግሥት ውኃ ሲመጣ የሚሞላው እሱ ነው። ጣሪያ ላይ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሌላ ሮቶ ተቀምጧል። በመካከላቸው ባለ አንድ የፈረስ ጉልበት ፓምፕ በደቂቃ 40 ሊትር ያህል ወደ ላይ ይገፋል። በላይኛው ሮቶ ውስጥ በኬብል የተንጠለጠለ ፍሎተር አለ። ፍሎተሩ አየር የያዘ የታሸገ የፕላስቲክ አካል ሲሆን በውስጡ ሲዘነብል የምትንከባለል ኳስና ትንሽ ማብሪያ ይገኛል። ውኃው ሲወርድ አፍንጫው ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ውኃው ሲያነሣው ወደ ላይ ያቀናል። ኳሷ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስትሄድ ማብሪያው ይቀያየራል።

ከአብዛኞቹ ፍሎተሮች ሦስት ሽቦ ይወጣል። አንዱ የጋራው ነው። ከቀሩት ሁለቱ አንደኛው ፍሎተሩ ሲንጠለጠል ከጋራው ጋር ይገናኛል፤ ሁለተኛው ሲነሣ ይገናኛል። ለሚሞላ ታንከር የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው፤ ውኃው ሲያንስ ይዘጋና ፓምፑ ይነሣል፣ ውኃው ሲሞላ ይከፈትና ፓምፑ ይቆማል። የሽቦዎቹ ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ጥሩ ባለሙያ በቀለም አይተማመንም። ፍሎተሩን በእጁ እያገላበጠ የትኛው ሽቦ መቼ እንደሚገናኝ በቴስተር ያረጋግጣል፤ የማያስፈልገውን ሦስተኛ ሽቦ ደግሞ ጫፉን በደንብ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል። ይህን ሲያደርግ ካዩት ሰውየው ሥራውን ያውቃል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄዬ መልስ ያገኛል። ፓምፑ እንዲሠራ ኤሌክትሪኩ በፍሎተሩ ውስጥ ማለፍ ካለበት፣ ሽቦው ቢበጠስ ወይም ከመያዣው ቢወጣ ፓምፑ ይቆማል። ቤቱ ውኃ ያጣል፣ ባለቤቱም ቶሎ ያውቃል። ብዙ ቦርዶች ግን በተቃራኒው ተሠርተው አይቻለሁ፦ ፍሎተሩ ሲነሣ የሚገናኘው ሽቦ ተወስዶ፣ «ሞልቷል» የሚል ምልክት ለሪሌ እንዲልክና ሪሌው ፓምፑን እንዲያቆም ይደረጋል። ሁለቱም ሥራዎች በርክክቡ ቀን አንድ ናቸው። ሁለተኛው ግን ሽቦው የተበጠሰ ቀን ምልክቱ ስለማይደርስ ፓምፑ እንዲቆም የሚያዘው የለም። ሙከራው ቀላል ነው፤ ብሬከሩ ወርዶ ባለሙያው አንዱን የፍሎተር ሽቦ ከቦርዱ ይንቀለው፣ ጫፉን ይሸፍነው፣ ከዚያ ብሬከሩ ይነሣ። ፓምፑ መነሣት የለበትም። የማከብረው አንድ ኤሌክትሪሺያን ይህን ሳይጠየቅ ባለቤቱን ጠርቶ ያሳያል።

ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ በፍሎተር ፈንታ ሦስት የብረት ዘንጎች ወደ ታንከሩ የሚወርዱበት የውኃ መጠን መቆጣጠሪያ ይገጠማል። ረጅሙ ዘንግ የጋራው ነው፤ መካከለኛው ፓምፑ የሚነሣበትን፣ አጭሩ የሚቆምበትን ከፍታ ያመለክታል። መሣሪያው በዘንጎቹ መካከል በውኃው ውስጥ የሚያልፍ ትንሽ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይጠቀማል፤ ቀጥተኛ ቢሆን ብረቱን ይበላው ነበር። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው የሚጠላለፍ ኬብል የለውም፣ ውኃው ውስጥም 220 ቮልት አይገባም። ሆኖም በጥያቄዬ ሲመዘን ድክመት አለው። የአጭሩ ዘንግ ሽቦ ከተበጠሰ፣ ወይም ኖራ የበዛበት ውኃ ዘንጉን በነጭ ቅርፊት ከሸፈነው፣ መሣሪያው ውኃው ገና አልደረሰም ብሎ መሙላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት መቆጣጠሪያ ባለበት ሕንፃ ከአጭሩ ዘንግ በላይ ለብቻው የተሠራ መጠባበቂያ ፍሎተር ፈልጉ። ካለ፣ ሠሪው አስቦበታል ማለት ነው።

ወደ ጣሪያው ሮቶ እንመለስ፤ የእጅ ጥበቡ በይበልጥ የሚታየው ኬብሉ ላይ ባለችው ክብደት ነውና። ክብደቷ ኬብሉ ላይ ተንሸራትታ በተፈለገው ቦታ ትጠበቃለች፤ ፍሎተሩም እሷን ማዕከል አድርጎ ወደ ላይና ወደ ታች ይዞራል። ከክብደቷ እስከ ፍሎተሩ ያለው ርዝመት ፓምፑ በሚነሣበትና በሚቆምበት ከፍታ መካከል ያለውን ርቀት ይወስናል። ፍሎተሩ ከአግድም ወደ ላይም ወደ ታችም 45 ዲግሪ ገደማ ሲያዘነብል የሚቀያየር ከሆነ፣ ያ ርቀት የኬብሉን ርዝመት 1.4 ጊዜ ያህላል። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 42 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የክቡ ሮቶ ዲያሜትር 1.1 ሜትር ከሆነ እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር 9.5 ሊትር ያህል ስለምትይዝ፣ ፓምፑ በአንድ ጊዜ 400 ሊትር ገደማ፣ ማለትም አሥር ደቂቃ ያህል ይሞላል። ይህ ለትንሽ ሞተር የተመቸ ነው።

ክብደቷን ፍሎተሩ ሥር አስጠግቶ የሚያስር ሰው ሁለት ጉዳት ያመጣል። ፓምፑ ጥቂት ሊትር በተቀዳ ቁጥር ይነሣል፤ ሞተር ሲነሣ ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ሞተሩም የፍሎተሩ ማብሪያም ይግላሉ። በዚያ ላይ አጭር ኬብል ግትር ስለሆነ ፍሎተሩ በሚገባ ሳያዘነብል ይቀራል። ክብደቷ ጨርሶ የሌለችበት፣ ኬብሉ ከቧንቧ ጋር በላስቲክ የታሰረበት ሥራም ብዙ ነው፤ እሱን አልቀበልም።

የሚቆምበትን ከፍታ ማስላትም ይቻላል። በምሳሌያችን ፍሎተሩ ፓምፑን የሚያቆመው ከክብደቷ 21 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ውኃው ከማፍሰሻው ቧንቧ አፍ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም ከፈለግን፣ ክብደቷ ከማፍሰሻው አፍ 31 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ትሰቀላለች። ባለሙያው ይህን በሜትር ለክቶ ሲሰቅል ማየት ደስ ይላል። ፍሎተሩ ሲዞር የሮቶውን ግድግዳ፣ የመግቢያውን ቧንቧ ወይም የሌላ ፍሎተር ኬብል መንካት የለበትም፤ መያዣ ያገኘ ፍሎተር ከውኃ በታች ተጠምዶ ይቀራልና። ውኃው በሚወርድበት ቦታ አጠገብ ከተሰቀለም ማዕበሉ እያነቃነቀው ፓምፑን ደጋግሞ ያበራዋል፣ ያጠፋዋል።

ፍሎተሩ ላይ የተጻፈውንም አንብቡ። 10(8) አምፔር ወይም 16(4) አምፔር የሚል ይገኛል። ሞተርን የሚመለከተው በቅንፍ ውስጥ ያለው ትንሹ ቁጥር ነው። የእኛ ፓምፕ ሲሠራ 5 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ስለዚህ «16» የሚለውን አይቶ ሁለተኛውን በቀጥታ ያገናኘ ሰው ከአቅሙ በላይ ጭኖበታል። ማብሪያው ሲነሣ ሲጠፋ በብልጭታው ይቃጠላል፣ አንድ ቀን ምላሶቹ ተበይደው ይጣበቃሉ፤ ያን ጊዜ ፍሎተሩ ቢነሣም ፓምፑ አይቆምም። እኔ የምመርጠው ፍሎተሩ የኮንታክተሩን ጥቅል ብቻ እንዲያዝ፣ የሞተሩን ጭነት ኮንታክተሩ እንዲሸከም ነው። ለሦስት ፌዝ ሞተር ደግሞ ሌላ አማራጭ የለም። የጥቅሉ ኃይል 24 ቮልት ቢሆን ይበልጥ ጥሩ ነው፤ 220 ቮልት የመጠጥ ውኃ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን መስመሩ በ30 ሚሊ አምፔር የሚዘል የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር ሊኖረው የግድ ነው። የኬብል መቀጠያም ሮቶው ውስጥ መገኘት የለበትም።

የታችኛው ሮቶ የራሱ ፍሎተር ያስፈልገዋል፤ እዚያ ግን የሚያዘው በተቃራኒው ሽቦ ነው፣ ውኃ ሲያልቅ ፓምፑን ያቆማል። ሁለቱ በተከታታይ ሲገናኙ ፓምፑ የሚሠራው ከታች ውኃ ሲኖር፣ ከላይም ቦታ ሲኖር ብቻ ነው።

አሁን ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሽበትን ነገር ላንሣ። ቦርዱ ላይ «አውቶ» እና «ማንዋል» የሚል ማዞሪያ ይኖራል። በብዙ ቦርዶች «ማንዋል» ፍሎተሮቹን ሙሉ በሙሉ ይዘላቸዋል። አንድ ቀን ውኃ የቸኮለ ሰው ያዞረዋል፣ መመለሱን ይረሳል፣ ከዚያ በኋላ የፍሎተሩ ጥራት ምንም አይጠቅምም። ጠንቃቃ ሠሪ «ማንዋል» የታችኛውን ብቻ እንዲዘል፣ የላይኛው ግን በማንኛውም ቦታ ፓምፑን እንዲያቆም ያገናኘዋል፤ ወይም እጅ ሲለቀው ወደ ቦታው የሚመለስ ማዞሪያ ይገጥማል። ርክክብ ላይ «ማንዋል» አድርጋችሁ የላይኛውን ፍሎተር አስነሡት። ፓምፑ ካልቆመ ሠሪው መልሶ እንዲያስተካክል መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኮንታክተርም ሊጣበቅ ስለሚችል የመጨረሻው ዋስትና የማፍሰሻው ቧንቧ ነው። መግቢያው አንድ ኢንች ከሆነ ማፍሰሻው አንድ ተኩል ወይም ሁለት ኢንች ይሁን፤ መግቢያው በፓምፕ ግፊት ይመጣል፣ መውጫው ግን በራሱ ክብደት ብቻ ነው የሚወርደው። በላዩ ላይ መዝጊያ ቫልቭ አይገባበትም። ጫፉ ነፍሳት እንዳይገቡበት በወንፊት ይሸፈናል፣ ፍሳሹም ወደ ጣሪያው ወለል ሳይሆን ቤተሰቡ በሚያልፍበት ግቢ ውስጥ በግልጽ እንዲወርድ ይደረጋል።