ቱባው የሚገባበት ቅጽበት

አጫጭር ቪዲዮዎችን የሚከታተል ሰው ስሙን ባያውቅም ዜማውን ያውቀዋል። ቱባ የሚባለው ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ሆዱ እንደገፋ ሰው እርምጃ ዱብ ዱብ ይላል፤ ከላዩ ማንዶሊን ይፍለቀለቃል። በቪዲዮው አንዱ ሲፎክር ቆይቶ ሊዋረድ ጥቂት ሲቀረው ዜማው ይገባል፣ ምስሉ ይቆማል፣ «Directed by Robert B. Weide» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሳቁ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ዜማው «ፍሮሊክ» ይባላል። ጣሊያናዊው ሉቺያኖ ሚኬሊኒ እ.ኤ.አ. በ1974 ለወጣ የአገሩ ፊልም የደረሰው ነው። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ላሪ ዴቪድ በአንድ የባንክ ማስታወቂያ ላይ ሰምቶ ወደደውና በ2000 በኤችቢኦ ለጀመረው «ከርብ ዩር ኢንቱዚያዝም» ለተሰኘ ተከታታይ ኮሜዲ መለያ አደረገው። በዚያ ኮሜዲ የላሪ ተንኮል በራሱ ላይ ሲገለበጥ ዜማው ይገባና ክፍሉ ያበቃል። ሮበርት ዋይዲ ከኮሜዲው ዳይሬክተሮች አንዱ ነበር። ተመልካቾች መዝጊያዋን ቆርጠው በማይዛመዱ ትዕይንቶች ላይ መለጠፍ ከጀመሩ ወዲህ፣ ሰውዬው ጨርሶ ያላያቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ዳይሬክተር ሆኖ ቀርቷል።

ቀልዱን ለማስረዳት የሚቀናው መልስ «ድምፁና ምስሉ ስለማይገጥሙ» የሚለው ነው። ይህ መልስ አይበቃም። አለመግጠም ብቻውን ቢያስቅ ኖሮ ማንኛውም ደስተኛ ዘፈን በማንኛውም አደጋ ላይ ሲለጠፍ ባሳቀን ነበር። ፈረንሳዊው የፊልም ድምፅ ተመራማሪ ሚሼል ሺዮን፣ በትዕይንቱ ውስጥ ለሚሆነው ነገር ደንታ ሳይሰጠው መንገዱን ስለሚቀጥል ድምፅ ጽፏል። ምሳሌው የሂችኮክ «ሳይኮ» ነው፦ ሴትዮዋ ከተገደለች በኋላ የሻወሩ ውኃ መፍሰሱን አያቋርጥም። እዚያ የድምፁ ግድ የለሽነት ሐዘኑን ያከብደዋል። ታዲያ እንደ ውኃው ግድ የማይሰጠው ቱባ ለምን ያስቃል?

የኔ ግምት ልዩነቱ በመቁረጡ ላይ ነው የሚል ነው። የሻወሩ ውኃ ከሬሳው ጋር እዚያው ክፍል ውስጥ ያስቀረናል። ቱባው ግን ከትዕይንቱ ውጭ መጥቶ በሩን ይዘጋዋል። አራት ነጥብ ነው፤ ስለ ምስሉ የሚናገረው ነገር የለም፣ ይጨርሰዋል እንጂ።

ይህን ለማየት የአክስቴን ልጅ አንድ ቪዲዮ ተውሼ ሞከርሁ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ረከቦቱን ከነሲኒው ተሸክማ ወደ ካሜራው እያየች «እኔ እኮ ሲኒ ሰብሬ አላውቅም» ትላለች፤ ሰባተኛው ሰከንድ ላይ እግሯ ምንጣፉን ይጠልፋል። መጀመሪያ ዜማውን ከመነሻው አስገባሁት፤ ገና ሳትራመድ ሳቁ ስለታወጀ ምንም የሚያስቅ ነገር አልተረፈም። ቀጥሎ ሲኒዎቹ መሬት ከነኩ በኋላ አስገባሁት። የስብራቱ ድምፅ ቀድሞ ስለሚሰማ ዜማው በልጅቷ ላይ የሚያላግጥ መሰለ። በመጨረሻ ንግግሯን ሳልነካ፣ ረከቦቱ ሲያዘነብል፣ ሲኒዎቹ ገና ሳይንሸራተቱ ምስሉን አቁሜ ቱባውን ለቀቅሁት። ከሁለተኛው ሙከራ የሚለየው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ቀልድ የሆነው ግን ይኸኛው ብቻ ነበር።

ድምፁና ምስሉ ዝምድና የላቸውም የምንለውም ለዚህ ነው ከፊል እውነት የሚሆነው። ትዕይንቱ አንድ ነገር ማሟላት አለበት፦ ሰውዬው በገዛ አፉ ወይም በአኳኋኑ ውድቀቱን አስቀድሞ መጥራት አለበት። «ሰብሬ አላውቅም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ባይኖር ቱባው የሚዘጋው ነገር አያገኝም። ዝም ብላ በምትራመድ ልጅ ላይ ለጥፌው ነበር፤ የመደናቀፍ ቪዲዮ ሆኖ ቀረ። ውድቀቱ በእርግጥ የሚጎዳ ሲሆን ደግሞ ዜማው ወደ ሺዮን ሻወር ይመለሳል። የመኪና አደጋ ላይ የተለጠፈ «ፍሮሊክ» አይቼ አውቃለሁ፤ የመጣብኝ ሳቅ ሳይሆን የለጣፊው ፊት ምን ይመስል ይሆን የሚል ሐሳብ ነበር።

ኮሜዲውን ማወቅ ያስፈልጋል ወይ ለሚለው ጥያቄ ምስክሬ አክስቴ ናት። ላሪ ዴቪድን አታውቀውም፤ እንግሊዝኛውንም አታነብም። ሁለተኛውን ስታይ ፊቷን አጨማደደችና «ውይ! ስንቱ ተሰበረ?» አለች። ሦስተኛውን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ስለ ሲኒዎቹ አልጠየቀችም። ትንሽ ቆይታ ግን «እስቲ ድገምልኝ» ብላ ስልኩን ተቀበለችኝና የቆመው ምስል ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይቺ የኔዋ ጀበና ናት እንዴ?»