ማሽኑ ሁለቱን እንደ አንድ ሲቆጥር

የሲቢሲ ማሽን ቀይ የደም ሕዋስን በቆጠራ ክፍሉ አያየውም። የሚያውቀው በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲደናቀፍ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ዋላስ ኩልተር በ1953 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ዘዴ ዛሬም በብዙ ማሽኖች ልብ ውስጥ አለ። በጨው ውሃ በብዙ እጥፍ የቀጠነ ደም በቀዳዳው በኩል ይሳባል፤ በቀዳዳው ወዲህና ወዲያ ኤሌክትሮዶች አሉ። ጨው ውሃው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሕዋሱ ግን አያስተላልፍም። ስለዚህ ሕዋሱ ሲገባ የራሱን ያህል ጨው ውሃ ገፍቶ ፍሰቱን ለቅጽበት ያዳክመዋል፣ ማሽኑም አንድ ምት ይመዘግባል። ምቶቹ ስንት እንደሆኑ ቆጠራውን፣ ቁመታቸው ደግሞ የሕዋሱን መጠን ይነግረናል። RBC እና MCV የሚመጡት ከዚሁ ነው።

እንግዲህ ሁለት ሕዋሶች ተጣብቀው ቢያልፉስ? ሁለት በጎች ተጠጋግተው በጠባብ የበረት በር ሲወጡ በጨለማ የሚቆጥር ሰው አንድ ትልቅ በግ አለፈ እንደሚል ሁሉ፣ ማሽኑም አንድ ረጅም ምት ያያል። ቆጠራው ያንሳል፣ መጠኑ ያድጋል።

ይህ በግልጽ የሚታይበት ውጤት እንዲህ ያለ ነው። RBC 1.80 ሚሊዮን፣ HGB 10.2፣ MCV 122፣ HCT 22.0፣ MCHC 46.4። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያየ ሐኪም ሊደነግጥ ይችላል። የላቦራቶሪ ባለሙያ ዓይን ግን መጨረሻው ላይ ማረፍ አለበት። MCHC በሕዋሱ ውስጥ ሄሞግሎቢን ምን ያህል እንደታጨቀ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ጤናማው ከ32 እስከ 36 ገደማ ነው። ቀይ ሕዋስ 46 ሊሸከም አይችልም፣ ቦታው የለውም። ስለዚህ ከገቡት ቁጥሮች አንዱ ሐሰት ነው ማለት ነው።

የትኛው? HGB የሚለካው ሕዋሶቹ በኬሚካል ከፈነዱ በኋላ በፈሳሹ ቀለም ስለሆነ፣ ተጣብቀው ይምጡ ተለያይተው ግድ የለውም። HCT ግን በቀጥታ አይለካም፤ RBC በ MCV ተባዝቶ ይሰላል። ሄሞግሎቢኑን በሦስት ብናባዛው HCT ወደ 31 መጠጋት ነበረበት፣ ማሽኑ ግን 22 አለ። ጥፋቱ ቆጠራው ላይ ነው። እዚህ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ሁለቱ አንድ ከሆኑ መጠኑም እጥፍ ስለሚሆን ብዜቱ ለምን አይካካስም? ከሁለት በላይ ሕዋሶች የተጣበቁባቸው ትልልቅ ስብስቦች ማሽኑ ለቀይ ሕዋስ ከወሰነው የመጠን ጣሪያ በላይ ስለሚሆኑ ጭራሽ አይቆጠሩም። በስሌቱ ውስጥ የሚቀሩት ነጠላዎቹና ጥንዶቹ ናቸው።

የዚህ የተለመደ ምክንያት በቅዝቃዜ ሕዋሶችን የሚያጣብቅ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ከማይኮፕላዝማ የሳንባ ምች በኋላ ወይም ከሊምፎማ ጋር ይታያል። ቱቦውን ስናዘነብለው በግድግዳው ላይ ደቃቅ ፍሬ ፍሬ የሚመስል ነገር ሊታይ ይችላል፣ ስላይዱም ላይ ሕዋሶቹ ተከማችተው ይገኛሉ። ቱቦውን በ37 ዲግሪ ለሠላሳ ደቂቃ ያህል አሙቆ፣ ቀስ ብሎ ገልብጦ፣ ሳይቀዘቅዝ ወዲያው ማስነበብ ነው። ያው ናሙና አሁን RBC 3.38፣ MCV 91፣ HCT 30.8፣ MCHC 33.1 ይሰጣል። HGB ግን ከ10.2 ንቅንቅ አላለም። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

ማሞቅ ምንም ካልለወጠ ወደ ፕላዝማው እንመልከት። ስብ የበዛበት ደም የሄሞግሎቢን ንባቡን ያደበዝዝና HGB ከእውነቱ በላይ ያሳያል፤ ያኔ ሐሰተኛው HGB ነው፣ RBC እና MCV ግን ትክክል ናቸው። ብርሃን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ማሽኖች ቀይ ሕዋሱን መጠኑን ሳይለውጡ እንደ ኳስ ያድበለብሉትና አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያሳልፉታል። በትንሽ ማዕዘን የሚበተነው ብርሃን በዋናነት የሕዋሱን መጠን፣ ሰፋ ባለው የሚበተነው ደግሞ በውስጡ ያለውን የሄሞግሎቢን ክምችት ይነግራል። በዚህ መንገድ የሚገኘው CHCM ከእያንዳንዱ ሕዋስ የተለካ እንጂ ከ HGB የተሰላ ስላልሆነ፣ በዙሪያው ያለው ስብ አያታልለውም። MCHC ከፍ ብሎ CHCM ጤናማ ከሆነ ጥርጣሬው በፈሳሹ ላይ ያርፋል። ነጭ ሕዋሶችንም በዓይነት የምንለያቸው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ወደ ፊት የሚበተነው ብርሃን ትልቅነታቸውን፣ ወደ ጎን የሚበተነው በውስጣቸው ያለውን ቅንጣት ያሳያል።

ባልደረቦቼ፣ MCHC ከ37 በላይ ያለውን ውጤት ስላይዱን ሳታዩና ቱቦውን ሳታሞቁ አትልቀቁ። ስትለቁትም «ናሙናው በ37 ዲግሪ ሞቆ የተሠራ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ሐኪሙም፣ ደም ለመስጠት ከታሰበ የደም ባንኩም፣ ይህን ማወቅ አለባቸው።