ለጥቁር ቡና የወተት ምክንያት

«ጋሼ፣ ኑሮ መወደዱን የማያውቅ አለ? ምክንያቱን ለምን እንጽፋለን?» አለኝ በቅርቡ ማተሚያ ቤታችን የገባው ልጅ። አንድ የቡና ቤት ባለቤት ያመጣው ወረቀት በእጁ ነበር፦ «ውድ ደንበኞቻችን፤ በወተት ዋጋ ንረት ምክንያት በሁሉም ትኩስ መጠጦች ላይ የ10 ብር ማስተካከያ ማድረጋችንን በትህትና እንገልጻለን።»

ልጁ ትህትናውን ሊያሳምር ፈለገ። እኔ ግን ሒሳቡ ሳይሠራ ቃል አልነካም። ደንበኛው ሒሳብ ያውቃል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ሰው የሚጠጣው ጥቁር ቡና ነው፤ የወተት ዋጋ እሱን ምን አገባው? ያንን ወረቀት ሲያነብ ሰበብ እንደተፈለገበት ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛው ምክንያት ቢነገረውም አያምንም።

ባለቤቱን አስቀምጬ ጠየቅኩት። ወተት በሊትር 20 ብር ጨምሮበታል። ከአንድ ሊትር ስምንት ማኪያቶ ግድም ስለሚወጣ፣ ለአንዱ 2 ብር ከ50 ይደርሳል። ቡናው በኪሎ 240 ብር ጨምሯል፤ የሚባክነው ተቀንሶ ከኪሎው 120 ስኒ ያህል ስለሚያወጣ፣ ለስኒው 2 ብር። የቤት ኪራዩ ጭማሪ ለወሩ ሽያጭ ሲካፈል ወደ 1 ብር መጣ። ማኪያቶ ላይ 5 ብር ከ50፣ ጥቁር ቡና ላይ 3 ብር ማለት ነው። 10 ብሩን የሚሸከም ምክንያት አልተገኘም። ያን ጊዜ መታረም ያለበት ዋጋው ነው፤ በጽሑፍ የሚሸፈን ነገር አይደለም። ተከራከረኝ፣ በመጨረሻም ተስማማ። እንዲህ ጻፍን፦

«ከሰኞ ጀምሮ ማኪያቶ ከ40 ወደ 45 ብር፣ ጥቁር ቡና ከ30 ወደ 33 ብር ይሆናል። የምንገዛው ወተት በሊትር 20 ብር፣ ቡና በኪሎ 240 ብር ጨምሮብናል፤ የቤት ኪራይም ጨምሯል። የስኒውም የወተቱም ልክ እንደነበረ ነው። ሻይ አልጨመረም።»

ዝም ብሎ ስኒውን ማሳነስ ይሻላል የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። አልቀበላቸውም። በየጠዋቱ እዚያው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው የስኒውን ልክ ከባለቤቱ በላይ ያውቃል። ወረቀቱ ሂሳብ መክፈያው ጋ ብቻ ሳይሆን ሰው ከማዘዙ በፊት በሚያየው ቦታ፣ ከሰኞ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ይለጠፍ አልኩ። አስተናጋጆቹም ምክንያቱን ይወቁት፤ ደንበኛ የሚጠይቀው እነሱን ነው። «እኛም አናውቅም» ካሉ ወረቀቱ ከንቱ ቀረ።

አባቴ ባለሱቅ ነበር። ስኳር ሲጨምር ለዱቤ ደንበኞቹ ስንት ገዝቶ በስንት እንደሚሸጥ ይነግራቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ደብተሩን እይዝለት ነበር። ይህን ሥራ የምወደው ለዚያ ይመስለኛል፤ ሰው የሚከፍለውን ገንዘብ ምክንያት ማወቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ለልጁም ይህንኑ ነገርኩት፣ አንድ ነገር ጨምሬ። ምክንያቱን በቁጥር የጻፈ ባለቤት ወተት ሲረክስ ማኪያቶውን ማውረድ አለበት። ባለቤቱ ይህን ካልተቀበለ የወተቱን ቁጥር አልጽፍለትም።