«ካልሆነ ይመለስ»

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ወተት መረከቢያ ግድግዳ ላይ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። አንደኛው ጠርዙ ተበልቷል፤ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ሁለተኛው በላስቲክ ተሸፍኖ ከምርመራው ጠረጴዛ በላይ፣ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ዓይን ትይዩ ተሰቅሏል። ኃላፊዋ የተሰረዘውን ያልቀደደችው ሆን ብላ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የምታስነብበው እሱን ነው።

አሮጌው ወረቀት ዋናውን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፦ «የሚመጣው ወተት አልኮል ከመጨመሩ በፊት በደንብ ተማስሎ መመርመር አለበት፤ ካልሆነ ይመለስ።» ሰዋስዉ አይነቀፍም። ከአንድ ዓመት በፊት ግን አንድ አዲስ ልጅ ይህንኑ አንብቦ፣ አልኮል የገባበት ናሙና ሲፈረፈርበት፣ የቱቦውን ወተት ወደ መጣበት ጣሳ መልሶ ደፋው። ይመለስ ይላላ! ምን ይመለስ? ወዴት? ማን ይመልሰው? ልጁ አላጠፋም። እንደ ጎጃም ባለ የቅኔ ሀገር ለአንድ ቃል ሁለት ፍቺ ማግኘት ያስመሰግናል፤ የሥራ ወረቀት ላይ ግን ወርቁ ከሰሙ ጋር ሲመጣ የአንድ ገበሬ ጣሳ ሙሉ ወተት ይደፋል።

አዲሱን ወረቀት ደጋግሜ ያነበብኩት ለዚህ ነው። መጀመሪያ የገረመኝ ግሱ ነው። የእኛ መመሪያ ሁሉ «ይደረጋል»፣ «መደረግ አለበት» ይላል፤ አድራጊው አይታወቅም። በትእዛዝ ልጻፍ ቢሉ ደግሞ አማርኛ ወዲያው ይጠይቃል፦ ለወንድ ነው፣ ለሴት ነው፣ ለአንቱ ነው? ይህች ሴት መንታ መንገዱን በአንድ ዘዴ አለፈችው። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች «እኔ» ብሎ ይናገራል። «ወተቱን አማስላለሁ።» ያነበበው ሰው ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ታላቅም ይሁን ታናሽ፣ የራሱን ሥራ እየተናገረ ነው።

ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። አማርኛ «ይህን ከማድረግህ በፊት ያንን አድርግ» ማለት ይወዳል። ተቀምጠው ሲያነቡት ችግር የለውም። ቱቦ ይዞ ለቆመ ሰው ግን መጀመሪያ የሚደርሰው ቃል መጨረሻ የሚሠራው ነው፤ «አልኮል» የሚለውን ሲያይ እጁ ወደ አልኮሉ ይሄዳል። በአዲሱ ወረቀት ላይ «በፊት» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። የሚቀድመው ቀድሞ ተጽፏል፣ አለቀ።

ከዚያ «በደንብ» የሚለው ጠፍቶ ቁጥር ገብቷል። «በመቅጃው ከታች ወደ ላይ 10 ጊዜ አማስላለሁ።» ወተት ቆሞ ሲያድር ስልባቦቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ሳይማሰል ከላይ የተቀዳ ናሙና የጣሳውን ወተት አይወክልም። ቀጥሎ፦ «ነጭ ምልክት ባለው ሲሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ወተት ወደ ቱቦው እጨምራለሁ። ቀይ ምልክት ባለው ሲሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር አልኮል እጨምራለሁ። ቱቦውን ከድኜ ሁለት ጊዜ ቀስ ብዬ እገለብጣለሁ። ወደ ብርሃን ይዤ የቱቦውን ግድግዳ አያለሁ።» አልኮሉ 68 በመቶ ነው። ወተቱ መኮምጠጥ ከጀመረ ቱቦው ላይ ነጭ ፍርፋሪ ይጣበቃል፤ ደህና ከሆነ ልሙጥ ሆኖ ይወርዳል። «ይመለስ» የነበረበት ቦታ ላይ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ፍርፋሪ ካየሁ የቱቦውን ወተት ቀዩ ባልዲ ውስጥ እደፋለሁ። ጣሳውን ሳልነካ ኃላፊዋን እጠራለሁ።»

ኃላፊዋ የምትጠራው ፍርፋሪ ሁሉ የመኮምጠጥ ምልክት ስላልሆነ ነው። እንገርም፣ ጡቷን የታመመች ላም ወተትም በአልኮል ሊፈረፈር ይችላል። ላሟ መቼ እንደወለደች ባለቤቷን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ለአዲስ ልጅ የሚተው ጥያቄ አይደለም። ወረቀቱ የት እንደሚያበቃ ማወቁ ከጥሩ ሥራው አንዱ ነው።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን የላክቶሜትሩ ክፍል ነው። ላክቶሜትር ወተት ውስጥ የሚንሳፈፍ መለኪያ ነው፤ ውሃ ሲገባበት ወተቱ ይቀልና መለኪያው ጠልቆ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ውሃ ያልገባበት የላም ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከ26 እስከ 32 ያነባል። ኃላፊዋ ወረቀቱን ስትፈትነው ለሁለት ልጆች የአንድ ጣሳ ወተት ሰጥታ፣ ምንም ሳትናገር ጥግ ቆማ አየቻቸው። አንደኛዋ 29 አለች፣ ሌላኛው 27። ሁለቱም ወረቀቱን ተከትለዋል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ልጅቷ ወተቱን በሲሊንደሩ ጎን ቀስ አድርጋ ስታንቆረቁር፣ ልጁ ከከፍታ ለቆት አረፋ ሠራ፤ አረፋውን የወተት ገጽ መስሎት ቁጥሩን እዚያ ላይ አነበበ። በነጋታው ሁለት መስመር ተጨመረ፦ «ሲሊንደሩን አዘንብዬ በጎኑ እቀዳለሁ። ሞልቶ እስኪፈስና አረፋው እስኪወርድ እቀዳለሁ።»

ሙቀትም አለ። መለኪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.2 ይደመራል፣ ከዚያ በታች 0.2 ይቀነሳል። አንዲት እናት ወተቱን ገና በሙቀቱ አመጡ እንበል፤ ቴርሞሜትሩ 24፣ ላክቶሜትሩ 25.4 አለ። እንዲሁ ቢታይ ውሃ ጨምረዋል ሊባሉ ነው። 0.8 ሲደመር 26.2 ይሆናል፤ ወተታቸው ያልፋል። በደብረ ማርቆስ ብርድ ያደረ የማታ ወተት ደግሞ ተቃራኒ ነው፦ በ14 ዲግሪ 26.8 ያነበበው 1.2 ሲቀነስ 25.6 ነው፤ ይጠረጠራል። ወረቀቱ ግን ማንንም አያስደምርም። ሙቀቱ በጎን፣ ንባቡ በራስጌ ሆኖ መልሱ የተሞላ ሰንጠረዥ አለው፤ ሁለቱን ጣት ማገናኘት ብቻ ነው። ጠዋት ተራ ተሠልፎ «ልጄ ቶሎ በል» እየተባለ የሚሠራ ስሌት መሳሳቱ አይቀርም።

ቃል አስተካክሎ መጻፍ ብቻውን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የዛምቢያ ጥናት አለ። በጎ ፈቃደኛ የጤና ሠራተኞች የወባ ፈጣን ምርመራ እንዲሠሩ ተደረገ። የፋብሪካውን መመሪያ ብቻ የያዙት ከደረጃዎቹ 57 በመቶውን በትክክል ሠሩ። በሥዕልና በአጭር ቃል እንደገና የተዘጋጀ ካርድ የያዙት 80 በመቶ። በካርዱ ላይ የሦስት ሰዓት ሥልጠና ሲጨመር 92። ካርዱ ሥልጠናን እንደማይተካ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ ግን ያለ አስተማሪ ምን ያህል መንገድ እንደሄደም እዩት።

የደብረ ማርቆሱ ወረቀት የማይችለውም አለ። ስልባቦቱ የተገፈፈ ወተት ከብዶ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ ገፎ ውሃ የጨመረ ሰው ቁጥሩን መልሶ ልክ ሊያስመስለው ይችላል። ላክቶሜትር ብቻውን ይህን አይለይም። ኃላፊዋ ከሰንጠረዡ ግርጌ «26 ያነበበ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም» ብላ ጽፋለች። በወረቀቱ ውስጥ ሥራ የማያዝዝ ብቸኛው መስመር ይህ ነው፤ እኔ ብሆን አወጣው ነበር። እሷ አልተስማማችም።

ከወረቀቱ ጎን እርሳስ በሲባጎ ታስሮ ተንጠልጥሏል። የገባሁ ዕለት ከሲሪንጁ መስመር አጠገብ፣ በተንጋደደ ጽሕፈት፣ አዲስ ጥያቄ ነበረ፦ «ቱቦው ታጥቦ ካልደረቀስ?» ኃላፊዋ አነበበችው፤ መልስ ሳትጽፍ ሄዳ ከመደርደሪያው አንድ ቱቦ አነሣች፣ ወደ ብርሃኑ ያዘችው፣ ከታች የቀረውን ጠብታ ውሃ በሲሪንጅ ስባ ስንት መስመር እንደደረሰ ማየት ጀመረች።